«ነፃ ሰርተፍኬት» የሚሉ የኦንላይን ኮርሶችን በምን እናወዳድር?

ጥያቄ፦ «ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ ለትምህርት የማገኘው በሳምንት አምስት ሰዓት ያህል ነው። ሪፖርት የምሠራው በኤክሴል ነው፤ አሁን ግን ዳታቤዝና ኤስኪውኤል መማር ፈልጌያለሁ። ነፃ ሰርተፍኬት እንሰጣለን የሚሉት በዙብኝ። አንዱን ጀምሬ መጨረሻው ላይ ክፍያ ጠየቀኝ። የትኛው ይሻላል? በምንስ ላወዳድራቸው?»

ምላሽ፦

ድረ ገጾቹን በስማቸው ማወዳደር ብዙ አያራምድም። አንዱ ድረ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ኮርሶች አንዱ ሰርተፍኬቱን በነፃ ይሰጣል፣ ሌላው ያስከፍላል። ስለዚህ የሚወዳደረው በመጨረሻ እጅዎ የሚገባው ሰርተፍኬት ራሱ ይሁን፦ ምን ሠርተው ያገኙታል? ሌላ ሰው እውነተኛነቱን እንዴት ያጣራል? ባለዎት አምስት ሰዓት መቼ ይደርሱበታል? ከሦስቱ በፊት ግን «ነፃ» የተባለው የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት አለበት፤ እርስዎን ያጋጠመዎትም ይኸው ነው።

ነፃ የሚለው ቃል በዚህ መስክ ቢያንስ ሦስት ነገር ይሸፍናል። የመጀመሪያው ትምህርቱ ነፃ ሆኖ ሰርተፍኬቱ የሚሸጥበት ነው። ከ2007 ጀምሮ ያለው አሊሰን ኮርሶቹን በነፃ ያስተምርና ሰርተፍኬቱን ማውረድ ሲፈልጉ ያስከፍላል። ኢድኤክስም እንዲሁ ነው፤ «Audit» በሚለው በኩል የገባ ሰው ቪዲዮውን ያያል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ ሰርተፍኬት ግን አያገኝም። ኢድኤክስ ድሮ ነፃ ሰርተፍኬት ይሰጥ ነበር፤ ያቆመው በ2015 መጨረሻ ነው። «ነፃ ሰርተፍኬት የሚሰጡ ምርጥ ድረ ገጾች» እያሉ የሚዞሩ ዝርዝሮች ግን ከዚያ ወዲህም እርስ በርስ እየተገለበጡ ስለሚቀጥሉ እስከ ዛሬ ስሙን የሚያነሱት አሉ። ዝርዝር ሲያነቡ ማን ጻፈው ከማለት ይልቅ መቼ ተጻፈ ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው በማመልከቻ ወይም በሙከራ ጊዜ ነፃ የሚሆነው ነው። ኮርሴራ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለው፤ ለምን እንደሚፈልጉት ጽፈው ያስገባሉ፣ መልሱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ ሙሉውን ክፍያ ሊሸፍን ወይም ቅናሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ደህና መንገድ ነው፤ ሁለቱን ሳምንት በዕቅድዎ ውስጥ ካስገቡት። «የሰባት ቀን ነፃ ሙከራ» የሚለው ግን ሌላ ነው። ሲመዘገቡ የካርድ ቁጥር ይወስዳል፣ በሰባቱ ቀን ውስጥ ካልሰረዙ ክፍያው በራሱ ይቀጥላል። በሳምንት አምስት ሰዓት ያለው ሰው በሰባት ቀን የሚጨርሰው ኮርስ ብዙ የለም፤ ስለዚህ ለእርስዎ ሙከራው ነፃ እንዳልሆነ አድርገው ይቁጠሩት።

ሦስተኛው እስከ መጨረሻው ነፃ የሆነው ነው። ፍሪኮድካምፕ፣ የካግል አጫጭር ኮርሶች፣ ሴይለር አካዳሚ፣ ሃርቫርድ ሲኤስ50 የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርሶቹን በራሱ ገጽ የሚሰጥበት መንገድ፣ የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በራስ ፍጥነት የሚማሩባቸው ብዙዎቹ ኮርሶች እዚህ ይገባሉ። ካን አካዳሚና የኤምአይቲ ክፍት ኮርሶችም ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው፤ ሆኖም ከመጀመሪያውም ሰርተፍኬት አይሰጡም።

ሦስቱን ለመለየት መመዝገብ አያስፈልግም። የኮርሱን ገጽና የተደጋጋሚ ጥያቄዎቹን ገጽ ይክፈቱና Ctrl+F ተጭነው certificate፣ upgrade፣ verified፣ fee የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ ይፈልጉ። «ኮርሱ ነፃ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አይሆንዎትም፤ የሚፈልጉት ሰርተፍኬቱ ራሱ ነፃ መሆኑን በግልጽ የሚናገረውን ነው። ካላገኙት የሚከፈልበት ነው ብለው ይያዙ። ሲመዘገቡ ካርድ ከጠየቀም መልሱን አገኙ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሰርተፍኬት የሚመዘነው ለማግኘት በተጠየቀው ሥራ ነው፤ በዚህ በኩል ነፃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ኦፕንለርን የተባለው የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ገጽ ተመዝግበው የኮርሱን ገጾች በሙሉ ካለፉ የተሳትፎ ወረቀት ይሰጣል። ያ ወረቀት የሚናገረው ማንበብዎን፣ በትክክል ለመናገር ገጾቹን መክፈትዎን ነው። ሴይለር የማጠቃለያ ፈተናውን 70 ከመቶ አምጥተው እንዲያልፉ ይጠይቃል፤ ይህ ከፍ ያለ ነው፣ ግን ምርጫ ያለው ፈተና ነው። ፍሪኮድካምፕ ፕሮጀክቶች ያሠራል። ሲኤስ50 ደግሞ እያንዳንዱን የቤት ሥራ ቢያንስ በ70 ከመቶ እንዲያልፉና የመጨረሻ ፕሮጀክት እንዲያስገቡ ይፈልጋል፤ አማካይ ውጤት ስላልሆነ አንዱን የቤት ሥራ ዘለው በሌላው ማካካስ አይቻልም።

አንድ ነገር ሁሉንም ነፃዎቹን ያመሳስላቸዋል፦ አብዛኛዎቹ ፈተናውን የሠራው በእርግጥ እርስዎ መሆንዎን አያጣሩም። የኢድኤክሱ የሚከፈልበት ሰርተፍኬት መታወቂያ እንዲያሳዩና ፎቶ እንዲነሱ ሊጠይቅ ይችላል፤ ነፃዎቹ በቃልዎ ያምናሉ። ቀጣሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ነፃ ሰርተፍኬትን በራሱ እንደ ብቃት ማስረጃ የሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በእኔ ግምት ከሁለት ነፃ ሰርተፍኬቶች የሚበልጠው ከጀርባው የሚታይ ሥራ የሚያስቀርልዎት ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ዳታቤዝ እኔ ነኝ የነደፍኩት፤ ይህን ሠንጠረዥ ለሁለት የከፈልኩት በዚህ ምክንያት ነው» ማለት የሚያስችልዎት እሱ ነው።

ማጣራቱ አጭር ነው። ኮርሱን የጨረሰ ሰው ሊንክድኢን ላይ ያወጣውን ሰርተፍኬት ይፈልጉና ማረጋገጫ ሊንኩን በብራውዘርዎ ኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱት። የሚከፈተው በሰጪው ድርጅት ገጽ ላይ ወይም እንደ ክሬድሊ ባለ የባጅ አገልግሎት ላይ ከሆነ፣ ስሙን፣ የኮርሱን ርዕስና ቀኑን ካሳየ፣ ሳይመዘገቡም ከታየ ጥሩ ነው። ግባ ወይም ተመዝገብ የሚል ገጽ ከመጣ ቀጣሪውም የሚያየው ያንኑ ነው። ቁጥርም ሊንክም የሌለው ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ማንም ሰው ስሙን ቀይሮ ሊያትመው ይችላል፤ በእኔ ሚዛን ዋጋው ከምንም አይሻልም። እግረ መንገድዎን የሚያበቃበት ቀን መኖሩንም ይዩ። የጉግል ስኪልሾፕ የማስታወቂያ ሰርተፍኬቶች ለአንድ ዓመት ነው የሚያገለግሉት፤ የሃብስፖትም ያበቃሉ። ለኤስኪውኤል ይህ ብዙ አያሳስብም፤ በማርኬቲንግ በኩል ግን በየጊዜው መፈተን ማለት ነው።

እንግዲህ የእርስዎን ጉዳይ ይዘን ሦስቱን እናስተያይ፦ የካግል የኤስኪውኤል መግቢያ፣ የፍሪኮድካምፕ ሪሌሽናል ዳታቤዝ እና የሲኤስ50 ኤስኪውኤል። ሦስቱም ሰርተፍኬታቸው ነፃ ነው።

የካግሉ በገጹ ላይ የሦስት ሰዓት ኮርስ ተብሎ ተቀምጧል፤ በአንድ ሳምንትዎ ያልቃል ማለት ነው። ጥያቄዎቹ የሚላኩት ቢግኩዌሪ ወደሚባለው የጉግል ዳታቤዝ ነው፣ የሚላኩበት ኮድ ግን ፓይተን በሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከኤክሴል ቀጥታ ለመጣ ሰው ይህ መሰናክል ነው፤ ያልገባዎት ኤስኪውኤሉ ይሁን ፓይተኑ ሳይለይልዎት ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያም በላይ በየመልመጃው ሥር እነዚህ ሁለት ትእዛዞች አሉ፦

```
q_1.hint()
q_1.solution()
```

የመጀመሪያው ፍንጭ ይሰጣል፣ ሁለተኛው መልሱን እንዳለ ያወጣል። ለራሱ ለሚማር ሰው ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሰርተፍኬቱን ያየ ሰው መልሱን ማን እንደጻፈው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካግልን ለመለማመጃ ይያዙት፤ ሲቪ ላይ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የፍሪኮድካምፑ ሥራው ከባድ ነው። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን የሊኑክስ ተርሚናልንና የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን አንድ ላይ ያስተምራል። ለሰርተፍኬቱ የሚሠሩት ፕሮጀክት አምስት ነው፦ የሰማይ አካላት ዳታቤዝ፣ የዓለም ዋንጫ ዳታቤዝ፣ የሳሎን ቀጠሮ መያዣ፣ የፔሪዮዲክ ቴብል ዳታቤዝና ቁጥር የመገመት ጨዋታ። ከአምስቱ የኋለኞቹ አራቱ የባሽ ስክሪፕት፣ ማለትም ተርሚናሉ የሚፈጽመው የትእዛዝ ፋይል፣ መጻፍን ያካትታሉ። ለእርስዎ ሪፖርት ስክሪፕቱ ወዲያው አይጠቅምም፤ ወደ ቴክኒክ ሥራ መዞር ካሰቡ ግን ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ሰው የሚሰናከለው ሥራን በማስቀመጥ ላይ ነው። ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በኢንተርኔት በሚከፈት ጊዜያዊ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የሠሩት ዳታቤዝ እዚያው ውስጥ ይኖራል፤ ያ ኮምፒውተር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ሲሠሩ ከመነሳትዎ በፊት ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚያወጣው ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
pg_dump -cC --inserts -U freecodecamp universe > universe.sql
```

universe የዳታቤዙ ስም ነው፤ በሌሎቹ ፕሮጀክቶች ይለወጣል። የወጣውን ፋይል ጊትሃብ ወደሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ይላኩት፤ ማስረከቢያውም እሱ ነው። የሚሠሩት ያንን ጊዜያዊ ኮምፒውተር በሚሰጠው በጊትሃብ ኮድስፔስስ ከሆነ ለግል አካውንት በወር የሚሰጠው ነፃ መጠን 120 የኮር ሰዓት ነው፤ ባለ ሁለት ኮር ማሽን ላይ 60 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት አምስት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይበቃል፤ ሲነሱ ማሽኑን ማቆም ግን ልማድ ያድርጉት።

ሰርተፍኬቱ ላይ «ወደ 300 ሰዓት የሚጠጋ ሥራ» የሚል ቃል ያገኛሉ። በእርስዎ አምስት ሰዓት ሲካፈል 60 ሳምንት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ይሆናል። ይህ ቁጥር አያስደንግጥዎት፣ አያኩራራዎትም፤ በርካታ የፍሪኮድካምፕ ሰርተፍኬቶች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የታተመ ስለሆነ የዚህኛውን ኮርስ ልክ አይነግርዎትም።

ሲኤስ50 ኤስኪውኤል ሰባት ክፍል አለው፤ ከ0 እስከ 6 ይቆጠራል። የሚጀምረው ከመጠየቅ ነው፤ ቀጥሎ ሠንጠረዦችን ማዛመድ፣ መንደፍ፣ መጻፍ፣ ዕይታ መሥራት፣ ማፍጠን፣ በመጨረሻም ማስፋት ይመጣል። አብዛኛው የሚካሄደው ኤስኪውላይት በሚባል ቀላል ዳታቤዝ ስለሆነ ከኤስኪውኤል ውጭ ሌላ ቋንቋ አስቀድሞ አያስፈልግም። ከኤክሴል ለሚመጣ ሰው በእኔ እይታ ከሦስቱ ቀናው መግቢያ ይህ ነው። የመጨረሻው ፕሮጀክት የራስዎን ዳታቤዝ መንደፍ ነው፤ schema.sql፣ queries.sql እና ንድፉን የሚያብራራ DESIGN.md ያስገባሉ፣ ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮም ይቀርጻሉ። ለቀጣሪ የሚታየው ይህ ነው። የየሳምንቱን የቤት ሥራ መልስ በይፋ መለጠፍ የኮርሱ ደንብ ይከለክላል፤ ፕሮጀክቱ ግን የራስዎ ነው።

ወደዚህ ኮርስ የሚያስገባው በር ሁለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በኢድኤክስ በኩል ከገቡ የሚከፈልበት ሰርተፍኬት ይቀርብልዎታል፤ «ለካ ነፃ አይደለም» ብለው የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ነፃው የሚገኘው cs50.harvard.edu/sql ላይ ያለውን ተከትለው፣ የጊትሃብ አካውንት ከፍተው፣ የቤት ሥራውን በዚያ በኩል ካስገቡ ነው። ውጤትዎን cs50.me ላይ ይከታተላሉ። ትምህርቱ ያው ነው፣ አስተማሪዎቹም ያው ናቸው።

ጊዜውን በገጹ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ በራስዎ ሰዓት ይለኩት። ክፍል 0ን ቪዲዮውንም የቤት ሥራውንም ሰዓት እየያዙ ይጨርሱ። ለምሳሌ ስምንት ሰዓት ፈጀ እንበል። ሰባቱ ክፍል 56 ሰዓት ይሆናል። የኋለኞቹ ስለሚከብዱ ሲሶ ይጨምሩበት፤ ወደ 75 ይደርሳል። ለፕሮጀክቱ 15 ይተዉለት፤ 90 ሰዓት። በሳምንት አምስት ሰዓት 18 ሳምንት ነው። የሚታመሙበት ሳምንት፣ ሥራ የሚበዛበት ወር መጨረሻ እዚህ ውስጥ አልገባም።

ይህን ስሌት ያለ ምክንያት አላመጣሁትም። የሲኤስ50 ኮርሶች ዙር በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 31 ይዘጋል። ከዚያ ወደ ኋላ 18 ሳምንት ሲቆጥሩ ኦገስት መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ በፊት ከጀመሩ ሲኤስ50ን ይያዙ። ኦክቶበር ላይ ከሆኑ ሁለት አማራጭ አለዎት፦ በሳምንት ሰዓቱን ማሳደግ ወይም ዙሩ ሲታደስ መጨረስ። ያስገቡት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል፤ የቤት ሥራ ከተቀየረ ግን አዲሱን መሥራት ሊኖርብዎ ስለሚችል ዙሩ ሲከፈት ገጹን አይተው ይቀጥሉ። ቀነ ገደብ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ፍሪኮድካምፕ ገደብ የለውም፤ ያንኑ ያህል ደግሞ የሚጎትትዎት ነገር ስለሌለ መሃል ላይ የሚያቆሙት ብዙ ናቸው።

ስም ላይ ይጠንቀቁ። ሰርተፍኬቱ ላይ የሚታተመው በፕሮፋይልዎ የሞሉት ስም ነው፤ መታወቂያዎ ላይ በላቲን ፊደል በተጻፈበት አኳኋን፣ ፊደል ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ከመጀመሪያው ቀን ይሙሉት። ከተሰጠ በኋላ ማስተካከል በአንዳንዱ ቀላል ነው፣ በአንዳንዱ ደብዳቤ መጻጻፍ ይጠይቃል። ፍሪኮድካምፕ ላይ ደግሞ ሁሉን ጨርሰው ሰርተፍኬቱ አልታይ ሊልዎት ይችላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ የአካዳሚያዊ ታማኝነት ደንቡን ገና አልተቀበሉም፣ ወይም ፕሮፋይልዎ ዝግ ነው። ሰቲንግ ውስጥ ገብተው ደንቡን ይቀበሉ፣ ስምዎንና ሰርተፍኬቶችዎን ለሌላ ሰው እንዲታዩ ያድርጉ፣ ከዚያ ሊንኩን በኢንኮግኒቶ መስኮት እንደገና ይሞክሩት።

ሲቪ ላይ ሲያስገቡት የኮርሱን ስም፣ ሰጪውን፣ ያገኙበትን ወርና ዓመት፣ ማረጋገጫ ሊንኩን በአንድ መስመር ይጻፉ። በሥሩ የሠሩትን አንድ ነገር ያክሉ፤ ለምሳሌ «በስድስት ሠንጠረዥ የመጋዘን ዕቃ መከታተያ ዳታቤዝ ነደፍኩ» ብለው የፕሮጀክቱን የጊትሃብ ሊንክ ያስቀምጡ። «በሃርቫርድ ተማርኩ» ብለው ግን አይጻፉ፤ የሲኤስ50 ሰርተፍኬት የኮርስ ማጠናቀቂያ ነው፣ ዲግሪም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አይሰጥም፣ ሊንኩን የሚከፍተው ሰውም ይህንኑ ያነባል።